ከአድማሱ ላይ ሰው ማንሳት

አንድ ፎቶ አንሺ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ቆሞ፣ ከዘጌ ጀምሮ ወደ ቀኝ እየዞረ አምስት ፎቶ አነሳ እንበል። ቤቱ ገብቶ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ሲያጋጥማቸው ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ወለል ብሎ ይታያል። ሦስተኛውና አራተኛው ፎቶ በተገናኙበት ቦታ ላይ ግን አንዲት መንገደኛ በግማሽ ጎኗ ቆማለች። ፊቷና የፊት እግሯ አለ፤ ጀርባዋ የለም። ሁለቱ ፎቶዎች በአንድ ቅጽበት አልተነሱም፤ በመካከላቸው ሦስት ሰከንድ ያህል አልፏል። ፕሮግራሙ ስፌቱን በሴትዮዋ ገላ ላይ ስላስኬደው ግራ ጎኗን ከሦስተኛው ፎቶ ወሰደ፤ የቀኙን ደግሞ እሷ አልፋ ከሄደችበት ከአራተኛው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገው የተጠናቀቀውን ፓኖራማ ከፍቶ በክሎን ብሩሽ መደለዝ ነው። አሸዋውና ሣሩ ይህን ይችላል፤ ትንሽ ቢዛነፍ ማንም አያየውም። አድማሱ ግን ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ሁለት ፒክስል ያህል ቢሰበር እንኳ ዓይን ይይዘዋል። ችግሩን የሚያብሰው ደግሞ ሰው ሁልጊዜ አድማሱ ላይ መገኘቱ ነው። በሜዳማ ቦታ አድማስ የሚታየው በካሜራው ቁመት ልክ ነው። ካሜራው ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍ ካለ፣ የአድማሱ መስመር የቆመን ሰው ሁሉ ከእግሩ 1.6 ሜትር ላይ ያቋርጠዋል፤ ሰውየው 5 ሜትር ይራቅ 50 ሜትር ለውጥ የለውም። ስለዚህ መንገደኛን ከፎቶ ማንሳት ማለት፣ ዞሮ ዞሮ፣ ከጭንቅላቱ ጀርባ የተሸፈነችውን የአድማስ ቁራጭ በትክክል መመለስ ነው። የቀረው ገላ ቀላል ነው።

ያቺ ቁራጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋችም፤ በሌላው ፎቶ ላይ አለች። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተገጥሞለት በቁመቱ ሲያዝ ወደ ጎን 38 ዲግሪ ያህል ያያል። ፎቶ አንሺው በየፎቶው 25 ዲግሪ ከዞረ፣ ሁለት ጎረቤት ፎቶዎች 13 ዲግሪ ያህል ይደራረባሉ። ይህ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ሲለካ ከ2 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሴትዮዋ ወደ ግራ በሰከንድ 1.3 ሜትር ያህል ስትራመድ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ወደ 4 ሜትር ትሄዳለች። አራተኛው ፎቶ ሲነሳ ከፍሬሙ ወጥታለች፤ ጭንቅላቷ ከነበረበት ጀርባ ውሃውና ሰማዩ ሳይነኩ ተነስተዋል። እንግዲህ ሥራው ያንን ቦታ ከአራተኛው እንዲወስድ ፕሮግራሙን ማዘዝ ብቻ ነው።

ነፃ በሆነው ሁጊን በተባለው ፕሮግራም እንየው። ሴትዮዋን ከመንካት በፊት ፎቶዎቹ የተያያዙባቸውን ነጥቦች መፈተሽ ይቀድማል። ፕሮግራሙ በሁለቱ ፎቶዎች ላይ አንድ ዓይነት የመሰሉትን ቦታዎች በራሱ ፈልጎ ያያይዛል፤ አንዳንዶቹን ደመና ላይ፣ አንዳንዶቹን ማዕበል ላይ፣ አንዳንዶቹንም የሚንቀሳቀስ ሰው ልብስ ላይ ይጥላል። ከነበሩበት የሄዱ ነገሮችን አንድ ቦታ ላይ ለማድረግ ሲል ፎቶውን ራሱን ያዘነብለዋል። ወርዱ 4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል አንደኛው ጫፍ ከሌላው 35 ፒክስል ያህል ከፍ ይላል። እኔ እንደማየው፣ ለተሰበረ አድማስ ትልቁ ምክንያት የብሩሽ ሥራ ሳይሆን ይሄው ነው። እነዚያን ነጥቦች በ`Control Points` ገጽ ላይ እየለዩ መሰረዝ፣ ከዚያ በውሃው ጠርዝ ላይ በየፎቶው ሁለት ሦስት የአግድም መስመር ነጥብ ማስቀመጥና ስሌቱን እንደገና ማስኬድ ያስፈልጋል። ፓኖራማው በሲሊንደር ቅርጽ ሲዘረጋ አድማሱ ቀጥ ብሎ የሚቆመው እንዲህ ሲስተካከል ነው፤ ካልተስተካከለ እንደ ማዕበል ይጎብጣል።

ቀጥሎ በ`Masks` ገጽ ሦስተኛውን ፎቶ ከፍቶ ሴትዮዋን ትንሽ ሰፋ አድርጎ በመስመር መክበብና `Exclude region` የሚለውን መምረጥ ነው። ስፌቱ ከእሷ በስተግራ ይሸሻል፤ ቦታዋን የአራተኛው ፎቶ ውሃ ይሞላዋል። ሁጊን ፎቶዎቹን ለማዋሐድ የሚጠቀምበት ኤንብሌንድ በርትና አደልሰን በ1983 ባሳተሙት ዘዴ ላይ የቆመ ነው። ዘዴው ለስላሳውን የብርሃን ልዩነት በሰፊ ቦታ ላይ ያዳርሳል፤ ስስ ዝርዝሮችን ግን በጠባብ መስመር ላይ ያገናኛል። ለዚህ ነው የሰማዩ ብርሃን ልዩነት ሲጠፋ የአድማሱ ሰባራ የማይጠፋው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ጥላዋ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ፀሐይ ገና ዝቅ ያለች ስለሆነች የሴትዮዋ ጥላ ወደ ምዕራብ፣ በዚህ ፎቶ ወደ ግራ፣ ከ3 ሜትር በላይ ይዘረጋል። መደራረቢያው 2 ሜትር ብቻ ነው። የጥላው ጫፍ አራተኛው ፎቶ ወደማያየው ቦታ አልፏል ማለት ነው። እሱንም ጨምሮ ቢከበብ በምስሉ ላይ ባዶ ቀዳዳ ይቀራል። ስለዚህ ከጥላው መደራረቢያው ውስጥ ያለውን ብቻ ከብቦ፣ የቀረውን ጫፍ በመጨረሻ በክሎን ብሩሽ ማጥፋት ይሻላል። ጫፉ ያለው መሬት ላይ ነው፤ አድማሱን አይነካም።

ከሁለቱ ፎቶዎች አንዱም ንጹሕ ካልሆነስ? ተቀምጦ የሚያጠምድ ሰው ከቦታው አይነሳም። ፎቶ አንሺው በሚዞርበት አቅጣጫ የሚሄድ መንገደኛም እንዲሁ ያስቸግራል፤ በ10 ሜትር ርቀት በሦስት ሰከንድ 22 ዲግሪ ያህል ስለሚሄድ ከካሜራው ጋር እኩል እየተጓዘ በየፎቶው ይገባል። (ሰው በሚሄድበት ተቃራኒ መዞር የሚመከረው ለዚህ ነው።) እንዲህ ሲሆን መለጠፍ ግድ ነው። አድማሱ አስቀድሞ ቀጥ ብሎ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ አንዳንድ የአድማስ ቁራጭ በአዲስ ሌየር ላይ ቀድቶ፣ በቀስት ቁልፍ ወደ ጎን ብቻ ማንቀሳቀስ ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም አንድ ፒክስል እንኳ አይነካም። ሁለቱም ጎን የሚያስፈልገው የሰማዩ ብርሃን ከቦታ ቦታ ስለሚለይ ነው። መስመር በብሩሽ መሳል ግን ያጋልጣል፤ እውነተኛው የውሃ ጠርዝ በጭጋግ የለዘበ ነው። በዘጌ በኩል ደግሞ ይህም አያዋጣም፤ እዚያ የሚታየው የዛፎች ጫፍ ስለሆነ ሲደገም ወዲያው ይታወቃል።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ የምስሉን ቅጂ ወርዱን ብቻ ወደ 10 በመቶ አጥብቦ ቁመቱን እንዳለ መተው ነው። በሰፊው የማይታይ ጉብጠት እዚያ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ስብራቱ የት እንዳለም ምክንያቱን ይናገራል። አድማሱ ከተሰበረ የፎቶዎቹ አያያዝ ተዛንፏል። አድማሱ ደህና ሆኖ እግር ሥር ያለው ድንጋይ ከተሰበረ ግን ካሜራው ሲዞር ከቦታው ተንሸራቷል፤ ሩቁ በዚህ አይለወጥም፣ ቅርቡ ይለወጣል።

በስልክ በአንድ ጊዜ የሚነሳ ፓኖራማ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጠው የተሰፋውን ምስል ብቻ ስለሆነ ከላይ ያለው መንገድ ለእሱ አይሠራም። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ፣ ሲሶ ያህል እያደራረባችሁ አንሱ። ሰው ካለፈም እስኪርቅ ጠብቁና ከቆማችሁበት ሳትንቀሳቀሱ ያንኑ ፎቶ ድገሙት።