አንድ ፍሬ፣ ሁለት ጥብስ

ፕላንቴን ከሙዝ ወገን ነው፤ ከምናውቀው ሙዝ ይተልቃል፣ ልጣጩም ይወፍራል። አብዛኛውን ጊዜ ጥሬውን ሳይሆን እሳት ካየ በኋላ ይበላል። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ከዚህ ፍሬ ጨርሶ የማይመሳሰሉ ሁለት ጥብሶች ያወጣሉ። አንዱ ኢፔኬሬ ነው፤ ሲነከስ ቀጭ የሚል ስስ ቺፕስ፣ ሌጎስ ውስጥ መንገድ ሲጨናነቅ በላስቲክ ታሽጎ በመኪና መስኮት የሚሸጥ። ሌላው ዶዶ ነው፤ ዳር ዳሩ ቡናማ፣ ውስጡ ለስላሳና ጣፋጭ፣ ከሩዝ ጎን የሚቀርብ። ልዩነቱ ዘይት ውስጥ በቆየበት ጊዜ ብቻ የሚመጣ ይመስላል፤ ዶዶውን ትንሽ ብናቆየው ቺፕስ የሚሆን። አይሆንም። አማርኛችን ለፍሬውም ለድስቱም «በሰለ» ይላል፤ እዚህ የመጀመሪያው መብሰል ሁለተኛውን ይወስነዋል።

አረንጓዴ ፕላንቴን ውሃው ሲቀር የሚተርፈው በአብዛኛው ስታርች ነው፤ ስኳሩ ጥቂት ነው። ልጣጩ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር በሄደ ቁጥር ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ሥጋውም ይላላል። ቺፕስ ቀጭ እንዲል ውሃው ከሞላ ጎደል መውጣት አለበት፤ በሙቀቱ ያበጠው ስታርች ደርቆ ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት ይጠጥራል። ስኳር ግን በጋለ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። ስለዚህ ጥያቄው ቁራጩ ሳይጠቁር ውሃው ይወጣል ወይ የሚል ነው። አረንጓዴው ይህን ጊዜ ይሰጣል፣ የበሰለው አይሰጥም።

ለቺፕስ እንግዲህ ቢጫ ያልነካው ፍሬ ይመረጣል። ልጣጩ እንደ ሙዝ በእጅ አይላቀቅም፤ ሁለቱ ጫፎች ተቆርጠው፣ ቁመቱን ተከትሎ በቢላ ተሰንጥቆ ይፈለቀቃል። ወተቱ እጅ ያጠቁራል፤ እጅን ዘይት መቀባት ይረዳል። ሥጋው ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቆረጣል፤ ከሁሉ በላይ ውፍረቱ እኩል ይሁን፤ አለዚያ ስሱ ሲያር ወፍራሙ ገና እርጥብ ነው። ዘይቱ 175 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቁርጥራጩ አንድ በአንድ ይጨመራል፤ ተከምሮ ከገባ ዘይቱ ይበርዳል፣ ቁራጩም ከቁራጭ ይጣበቃል። መጀመሪያ ዘይቱ በኃይል ይንጫጫል፤ የሚንተከተከው አረፋ ከፍሬው የሚወጣው ውሃ እንፋሎት ነው። ከሦስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ጫጫታው ይረግባል፣ አረፋው ይሳሳል፤ ከሰዓት ይልቅ የሚታመነው ይህ ጸጥታ ነው። ቺፕሱ በዚህ ጊዜ ገና ልል ሊሆን ይችላል፤ አንዱን አውጥቶ አቀዝቅዞ መስበር ነው። ካልተሰበረ ጥቂት ይቆይ። ሲወጣ በትኩሱ ይራገፍ፤ አብዛኛው ዘይት ወደ ውስጥ የሚሰርገው ከወጣ በኋላ፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ የላዩን ዘይት ሲስብ ነውና።

ለዶዶ ፍሬው ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ሲወጣበት፣ ሲጫኑትም እሺ ሲል ይያዛል። ውሃው ውስጥ መቅረት ስላለበት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወፈር ተደርጎ በአግድም ይቆረጣል። ዘይቱ ከቺፕሱ ይልቅ ቀዝቀዝ ይላል፣ 165 ዲግሪ አካባቢ፤ ሙቀቱ መሐል ሳይደርስ ስኳሩ እንዳያር። በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ጥቁር ጠርዝና ያልሞቀ መሐል ከታየ ዘይቱ ግሏል ማለት ነው፤ ነጣ ብሎ ዘይት የጠጣ ከሆነ በርዷል። ልጣጩ ጨርሶ የጠቆረው ዘይት ውስጥ ሊፈርስ ስለሚችል፣ እሱን ፈጭቶ ከዱቄት ጋር መጥበስ ይሻላል።

የበሰለውን አሳስቶ በዝግታ በለዘብተኛ ሙቀት ማድረቅ አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። ቀለሙ ይዘገያል፤ ነገር ግን የላላው ሥጋ ዘይት እየጠጣ ይንከረፈፋል፣ ደርቆ ቢወጣ እንኳ ስኳሩ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ወዲያው ይለሰልሳል። ፋብሪካዎች ከጣፋጭ ፍሬ ቺፕስ የሚያወጡት አየሩ በተመጠጠ ዝግ መጥበሻ ነው፤ እዚያ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ስኳሩን ሳያሳርሩ ያደርቁታል። በቤት ብረት ድስት ይህ አይገኝም፤ ጣፋጭነት የሚሻ ሰው ቢጫው ገና የጀማመረውን መርጦ ቶሎ ማውጣት ይችላል፣ ቀለሙ ግን ይጠቁራል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከፖርቶ ሪኮ ይመጣል፤ የዚያ አገር ቶስቶኔስ ከአረንጓዴ ፍሬ ተሠርቶ ውስጡ ለስላሳ ነው። እዚያ ግን ቁራጩ ወፍራም ነው፤ መጀመሪያ 160 ዲግሪ ገደማ ውስጡ እስኪበስል ይጠበሳል፣ ወጥቶ ይዳመጣል፣ ከዚያ 190 ገደማ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተመልሶ ይገባል። የተዳመጠው ላዩ ይደርቃል፣ መሐሉ ውሃውን ይዞ ይቀራል፤ አረንጓዴው ቺፕስ የሚሆነው ሲሳሳ ብቻ ነው።