የሰዓት ፍላጎትንና ቋሚ ገቢ ፍሰትን በማመጣጠን የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያን ይዘት መወሰን

ከምንጭ በስበት የሚመጣ ውሃ ቀንና ሌሊት በተመሳሳይ መጠን ይፈሳል፤ የከተማ ነዋሪ ግን በተመሳሳይ መጠን አይጠቀምም። ሌሊት የሚተርፈውን ውሃ ለጠዋትና ለማታ የሚያቆየው የማከፋፈያ ማጠራቀሚያ ነው። ይህ ጽሑፍ ለማመጣጠን የሚያስፈልገው ይዘት እንዴት እንደሚሰላ፣ እንዲሁም ስሌቱ የሚመሠረትበት የቆጣሪ መረጃ መቼ ሊያሳስት እንደሚችል በአንድ ምሳሌ ያብራራል።

የስሌቱ መነሻ

ከዕለቱ መነሻ ጀምሮ በየሰዓቱ መጨረሻ የገባው ውሃ ድምርና የተፈለገው ውሃ ድምር ይሰላሉ፤ ልዩነታቸውም ይመዘገባል። የማመጣጠኛው ይዘት ከትልቁ ልዩነት ትንሹ ተቀንሶ የሚገኘው ነው።

V = max(ΣI − ΣD) − min(ΣI − ΣD)

እዚህ I ገቢ ፍሰትን፣ D ፍላጎትን ያመለክታሉ። ለማብራሪያ ያህል ከፍተኛ የቀን ፍላጎቷ 2,400 ሜትር ኩብ የሆነች ከተማ ትወሰድ። ገቢ ፍሰቱ ከዚሁ ጋር እኩል በመሆኑ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ነው። ዕለቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይጀምራል፤ ተመሳሳይ ፍላጎት ያላቸው ሰዓታት በአንድ ረድፍ ተጠቃለዋል።

| ጊዜ | ፍላጎት በሰዓት (ሜትር ኩብ) | በጊዜው መጨረሻ ያለው ልዩነት (ሜትር ኩብ) |
|---|---|---|
| ሌሊት 6–10 | 25 | +300 |
| ሌሊት 10–ንጋት 12 | 60 | +380 |
| ጠዋት 12–3 | 190 | +110 |
| ጠዋት 3–ቀን 6 | 130 | +20 |
| ቀን 6–8 | 140 | −60 |
| ቀን 8–11 | 100 | −60 |
| ቀን 11–ማታ 2 | 160 | −240 |
| ማታ 2–4 | 55 | −150 |
| ማታ 4–ሌሊት 6 | 25 | 0 |

ትልቁ ልዩነት +380፣ ትንሹ −240 ነው። ስለዚህ የማመጣጠኛው ይዘት 620 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከቀኑ ፍላጎት 26 በመቶ ገደማ ይሆናል። የመጨረሻው ልዩነት ዜሮ መሆኑ የቀኑ ገቢና ፍላጎት እኩል መሆናቸውን ያረጋግጣል፤ ዜሮ ካልሆነ በስሌቱ ውስጥ ስሕተት አለ ወይም ምንጩ ለከተማዋ አይበቃም።

የመቀነስ ምልክቱ ከባዶ በታች የሆነ ማጠራቀሚያ መኖሩን አያመለክትም። ስሌቱ በሚጀምርበት በሌሊቱ 6 ሰዓት 240 ሜትር ኩብ ውሃ አስቀድሞ በማጠራቀሚያው መኖር እንዳለበት የሚናገር ነው። በዚህ መነሻ ማጠራቀሚያው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይሞላል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ ባዶ ይሆናል። ትልቁን አወንታዊ ልዩነት ብቻ ወስዶ 380 ሜትር ኩብ መገንባት የምሽቱን ጉድለት መዘንጋት ነው። በሌላ በኩል 620 ሜትር ኩብ ለማመጣጠን ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ለእሳት አደጋና ለመስመር ጥገና የሚያዘው ክምችት በላዩ ይታከላል። ጥገናው 4 ሰዓት ይፈጃል ተብሎ ቢታሰብ በአማካይ ፍላጎት 400 ሜትር ኩብ መጨመር ያስፈልጋል።

የቆጣሪው መረጃ ሲያሳስት

ከባዱ ጉዳይ ቀመሩ ሳይሆን የሰዓት ፍላጎቱ ምንጭ ነው። ነባሩ ማጠራቀሚያ 300 ሜትር ኩብ ብቻ ቢሆንና የሰዓት ፍላጎቱ ከመውጫው ቆጣሪ ቢወሰድ ምን እንደሚከተል እንመልከት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሞልቶ የነበረው ማጠራቀሚያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይደርቃል። ከዚያ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሊወጣ የሚችለው የገባውን ያህል፣ ማለትም በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ሌሊት ደግሞ ማጠራቀሚያው አስቀድሞ ስለሚሞላ ከተማዋ የምትፈልገው 320 ሜትር ኩብ በትርፍ ውሃ ማስወገጃው ይፈሳል።

ቆጣሪው በቀን የሚመዘግበው 2,080 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆናል። ተመራማሪው ይህን እንደ ፍላጎት ወስዶ፣ ገቢውንም ከእርሱ አማካይ ጋር አስተካክሎ ቢያሰላ የሚያገኘው 487 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። እውነተኛው ከሚፈልገው በ133 ሜትር ኩብ ያነሰ ነው ማለት ነው። ጠባቡ ማጠራቀሚያ ፍላጎትን ይገድባል፤ የተገደበው ፍላጎትም በበኩሉ ጠባብ ማጠራቀሚያ የሚበቃ ያስመስላል። ነዋሪዎች በሮቶና በጀሪካን ማጠራቀም ሲለምዱም የሌሊቱ ፍጆታ ከፍ ይላል፤ በሌሊትና በቀን መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ጠቦ ይታያል።

ይህ ስሕተት በሦስት ምልክቶች ይለያል። የወጪ ፍሰቱ መስመር ለብዙ ሰዓታት ከገቢው ጋር እኩል ሆኖ ቀጥ ይላል፤ በዚያው ጊዜ የማጠራቀሚያው ከፍታ መለኪያ ዜሮ አጠገብ ይቆያል፤ ሌሊት ደግሞ ከማስወገጃው ውሃ ይፈሳል። እነዚህ በታዩበት ቦታ ማጠራቀሚያው ባዶ የሆነባቸው ሰዓታት መረጃ ከስሌቱ መውጣት አለበት። በምትኩ ውሃ ሳይቋረጥ ከሚያገኝ የከተማዋ ክፍል የተለካ የሰዓት ስርጭት ተወስዶ ለጠቅላላው ሕዝብ በተገመተው የቀን ፍላጎት ይባዛል። የወጪ ቆጣሪን ንባብ ከከፍታ መለኪያው መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ሳያዩ የሰዓት ፍላጎት ብሎ መውሰድ ግን የነባሩን ማጠራቀሚያ ጉድለት ወደ አዲሱ ማሸጋገር ይሆናል።