ደም እንዳይረጋ የሚከለክለውን መድኃኒት የሚውጥ ሰው የምርመራ ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ

ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት በየቀኑ የሚውጥ ሰው በየጊዜው ደሙን እያስመረመረ፥ አይ ኤን አር የሚባል አንድ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቤተ ሰቡም ወረቀቱን ተቀብሎ «ደኅና ነው ወይስ ያሰጋል?» ብሎ ይጠይቃል። ነገር ግን ቁጥሩ የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይገኝም። 2.2 የሚል ውጤት ለአንዱ ሰው ደኅና ሲሆን ለሌላው የሚያሰጋ ነው።

ጉበታችን ደምን የሚያረጉትን ነገሮች የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ረዳትነት ነው። ዋርፋሪን ይህ ቫይታሚን ታድሶ ዳግመኛ እንዳይሠራ ስለሚከለክል፥ ደሙ ለመርጋት ይዘገያል። ሕዝቡ መድኃኒቱን ደም ማቅጠኛ ማለትን ቢለምድም፥ ደሙ የሚዘገይ ነው እንጂ እንደ ወጥ የሚቀጥን አይደለም። በላቦራቶር የሚቈጠረውም የዚህ መዘግየት ሰከንድ ነው። ደሙን ለማርጋት የሚጨመረው ፈሳሽ ግን እንደ ሠሪው ኃይሉ ይለያያልና፥ የአንዱ ሰው ደም በአንድ ላቦራቶር 30 ሰከንድ፥ በሌላው 19 ሰከንድ ሊባል ይችላል። አይ ኤን አር ይህን ልዩነት አስተካክሎ ሁለቱንም 2.5 ያሰኛቸዋል፤ ይህም ልዩ ልዩ ቁና የያዙትን ነጋዴዎች በአንድ መስፈሪያ እንደ ማስማማት ነው። መድኃኒቱን የማይውጥ ጤነኛ ሰው ቁጥሩ 1 ያህል ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ደሙ ይበልጥ ይዘገያል።

ሐኪሙ ቁጥሩ ሊቈይበት የሚገባውን ወሰን ለእያንዳንዱ በሽተኛ ይወስንለታል። በእግሩ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ይወሰንለታል። በልቡ ግራ ወገን፥ ሚትራል በሚባለው ቫልቭ ቦታ፥ በሰው እጅ የተሠራ ሜካኒካል ቫልቭ የገባለት ሰው ግን ወሰኑ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፤ በዚያ ቦታ ደሙ በዝግታ ስለሚያልፍ በቫልቩ ላይ ለመርጋት ይቀናዋልና። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብን የሚጐዳው በሽታ ከሁሉ ይልቅ የሚያበላሸው ይህንኑ ቫልቭ ስለ ሆነ፥ በሀገራችን ነገሩ የብዙ ቤት ጉዳይ ነው።

ለምሳሌ እንዲህ ያለ ቫልቭ ያለውን አንድ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ እናስብ። በየቀኑ 5 ሚሊግራም፥ በሳምንት 35 ሚሊግራም ይውጣል፤ ቁጥሩም ለብዙ ወራት በ3 አካባቢ ቈይቷል። በዐቢይ ጾም እኩሌታ ሲመረመር ቁጥሩ 2.0 ሆነ። ሐኪሙ አስቀድሞ እንክብል ረስቶ እንደ ሆነ፥ አዲስ መድኃኒት ጀምሮ እንደ ሆነ፥ ምግቡም ተለውጦ እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ደረቱንም አዳመጠ፤ የሜካኒካል ቫልቭ ጥርት ያለ ድምፅ ደብዝዞ ቢገኝ ደም እንደ ረጋበት ያስጠረጥራልና። ድምፁ ደኅና ነበር፤ የተረሳም እንክብል የለም። ነገር ግን ጸሐፊው ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ጐመን በልቷል፤ ጐመንም ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው።

ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ እንክብል ተኩል እንዲውጥ አዘዘው፤ ድምሩ 40 ሚሊግራም ሆነ። በሳምንቱ ቁጥሩ 2.7 ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ግን ጐመኑ ቀርቶ ሥጋው ሲተካ፥ የተጨመረው መድኃኒት እንዳለ ቀረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ይደማ ጀመር፤ ቢመረመርም 4.3 ሆኖ ተገኘ። ወደ 35 ሚሊግራም ሲመለስ ቁጥሩም ወደ ወሰኑ ተመለሰ። ስለዚህ ጐመንን ፈጽሞ መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ማድረግና ጾም ሲገባና ሲፈታ መመርመር ይሻላል።

በመካከሉም ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቀድሞ የተሠሩት የሚያረጉት ነገሮች በደም ውስጥ ለጥቂት ቀናት ስለሚቈዩ፥ የዛሬው ቁጥር ያለፉትን ቀናት እንጂ የዛሬውን እንክብል አያሳይም። ቁጥሩ አነሰ ብሎ ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ ሁለት እጥፍ የሚውጥ ሰው ውጤቱን የሚያየው ከቀናት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ምናልባት በደም መፍሰስ ያየዋል።

መድኃኒቶችም ቁጥሩን ይለውጡታል። ለሆድ ሕመም የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል በጥቂት ቀናት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋልና፥ የጀመረ ሰው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይመርመር። አስፕሪን ደግሞ ቁጥሩን ብዙ ሳይነካ ማድማትን ይጨምራል፤ በወረቀቱም ላይ አይታይም። ዋርፋሪን የሚውጥ ሰው ራሱን በኃይል ቢመታ፥ ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ቢጠቍር፥ የመጨረሻው ቁጥር በወሰኑ ውስጥ ቢሆን እንኳ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።