ከፈላ ወተት የሚረጋ እርጎ

በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች እርጎ የሚሠራው ጥሬ ወተት በወይራ በታጠነ ቅል ወይም ገንቦ ተጠራቅሞ በራሱ እንዲረጋ በመተው ነው። ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው እሳት ዳር ለብ ብሎ አይብ ይሆናል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አይቡ ብዙ ጊዜ የሚሞቀው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ በጥሬ ወተት ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉትን ብሩሴላንና የከብት ቲቢን ለመግደል ግን 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ መቆየት ወይም መፍላት ያስፈልጋል። የእርጎው ኮምጣጣነትም ቢሆን በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋቸውም። ብሩሴሎሲስ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ስለሚያመጣ ብዙ ጊዜ ከወባ ወይም ከታይፎይድ ጋር ይምታታል።

መፍትሔው ወተቱን አስቀድሞ ማፍላት ነው። ነገር ግን እሳቱ ጎጂውን ብቻ ሳይሆን ወተቱን የሚያረጉትን ረቂቅ ሕዋሳትም ይገድላል። የፈላ ወተት እንዲሁ ከተተወ በአግባቡ አይረጋም፣ ይበላሻል። ስለዚህ እርሾ ይፈልጋል፤ እርሾው ደግሞ ከጥሬ ወተት እርጎ የተቀዳ ከሆነ ማፍላቱ ከንቱ ይሆናል። ከፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራ፣ ስኳር ያልገባበት የሱቅ እርጎ ይሻላል።

ሁለት ሊትር ወተት ያላት ሴት እንዲህ ታደርጋለች። ወተቱን እያማሰለች ታፈላዋለች፤ አረፋው ቶሎ ስለሚነሳ ገነፈለ ማለት ፈላ ማለት አይደለም። እሳቱን ቀንሳ፣ መሐሉ እየተንፈቀፈቀ ጥቂት ደቂቃ ታቆየዋለች። ገና ሲሞቅ ከተበጣጠሰ ወተቱ ቀድሞ ኮምጥጧል ማለት ነው፤ ለእርጎ አይሆንም። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ፣ ድስቱ በእጅ ሲነካ ሞቅ ብሎ የማያቃጥል እስኪሆን፣ ወደ 43 ዲግሪ ገደማ፣ ታበርደዋለች። በፈላ ውኃ በታጠበ ማንኪያ አራት የሾርባ ማንኪያ እርሾ ጨምራ ታዋህዳለች፤ ወተቱ ሳይበርድ ከተጨመረ እርሾው ይሞታል። ድስቱን በጋቢ ጠቅልላ ስድስት፣ ሰባት ሰዓት ሳታነቃንቅ ትተወዋለች።

ጥሬውን ወተት ያመጣችበት ጆግ ሳይታጠብ ለፈላው መዋል የለበትም። ይህ ልፋቱን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል።

የረጋው እርጎ ላይ ቢጫማ አጓት ቢያቅር አያስፈራም። አረፋ የያዘ፣ የሚዝለገለግ ወይም ሮዝ ነጥብ ያወጣ ግን ይደፋል።

አይብ ከተፈለገ ይኸው እርጎ በዝግታ ይሞቃል፤ እርጎው ተቋጥሮ አጓቱ ሲለይ በተቀቀለ ንጹሕ ሻሽ ይጠለላል። ቅቤው ስላልወጣለት ከአሬራው አይብ የበለጠ ይወፍራል። ጤና አዳም ወይም ኮሰረት የሚገባበት ከሆነ ቅጠሉን አጥቦ ድስቱ እሳት ላይ ሳለ መጨመር ይሻላል፣ ጥሬ ቅጠል ከአፈር የራሱን ጀርም ይዞ ይመጣልና። ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥም በሁለት ሦስት ቀን ማለቅ አለበት።

ማፍላት የማያድነውም አለ፤ ጡቷ ከታመመ ላም የታለበ ወተት ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ውስጡ የሚፈጠረው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። እንዲህ ያለው ወተት አይገዛም።