የድምፅ ቅጂ ወደ ቃለ ጉባኤ ሲመለስ

ዛሬ ነጋዴዎች በሚሰበሰቡበት ሁሉ ንግግርን በድምፅ መቅዳት የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ የተቀዳ ንግግር ቃለ ጉባኤ አይደለም። የአንድ ሰዓት ተኩል ወሬ ቃል በቃል ሲጻፍ ብዙ ገጽ ይሞላል፤ ለባንክ፣ ለጉምሩክ ወይም ለዳኛ የሚቀርበው ግን አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው። ጸሐፊው ብዙውን ወደ ጥቂቱ ሲያሳጥር ያጎደላት አንዲት ቃል፣ የከፋዩን ማንነት እስከ መለወጥ ትደርሳለች።

ለምሳሌ ያህል፣ በየካ ክፍለ ከተማ በወሰን ሠፈር የሚነግዱ አምስት ባለ ሱቆች ከአንድ አስመጪ ጋር አንድ ኮንቴይነር ዕቃ በጋራ አስመጥተው፣ ስለ መጋዘን ኪራይ ለመነጋገር ተሰበሰቡ እንበል። ከቅጂው መካከል የሚከተለው ይሰማል።

ሰብሳቢው፦ «እንግዲህ የኪራዩ ነገር፣ ምን እንበል፣ ዕቃው እስከ ኅዳር 20 ካልወጣ ተጨማሪውን ይክፈሉ።»

አስመጪው፦ «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ። ግን እኔ ሰነዱን ለጉምሩክ አዘግይቼ ከሆነ ነው እንጂ፣ በሌላ ምክንያትማ እንዴት ይሆናል?»

አንዲት ባለ ሱቅ፦ «እኔ በዚህ አልስማማም። ብቻ ሁላችሁም ካላችሁ ይሁን።»

ሰብሳቢው፦ «እንግዲያው እርሳቸው እንዳሉት ይሁን። ሃያም አይሁን፣ ሃያ አምስት እናድርገው።»

ቸኩሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ይህን እንዲህ ያሳጥረዋል፦ «ዕቃው እስከ ኅዳር 20 ቀን ካልወጣ ተጨማሪውን ኪራይ እንዲከፍሉ በሙሉ ስምምነት ተወሰነ።» ጽሑፉ አጭርና ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን አራት ስሕተት አለበት።

አንደኛው የቀኑ ነው። ንግግር እየተሻረ ይሄዳልና የሚጸናው መጨረሻ የተባለው 25 ነው። ሁለተኛው፣ «አዘግይቼ ከሆነ» የሚለው ሁኔታ መቅረቱ ነው። የአስመጪው «እሺ» ሰማሁ ማለት እንጂ ተስማማሁ ማለት አልነበረም፤ ፈቃዳቸው ያለው ከ«ግን» በኋላ ነው። ሦስተኛው «ሙሉ ስምምነት» የሚለው ነው፤ ባለ ሱቋ ተቃውመው ለብዙኃኑ ፈቃድ እሺ አሉ እንጂ ሐሳቡን አልደገፉም።

አራተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። በአማርኛ «ይክፈሉ» የሚለው ቃል ለ«እርስዎ»ም፣ ለ«እርሳቸው»ም፣ ለ«እነርሱ»ም እኩል ያገለግላል። በስብሰባው ላይ የሰብሳቢው ዓይን ወደ ማን እንዳየ ሁሉም ያውቃል፤ ወረቀት ግን ዓይን የለውም። ከስድስት ወር በኋላ አስመጪው «ባለ ሱቆቹ ናቸው» ቢሉ፣ ባለ ሱቆቹም «እርሳቸው ናቸው» ቢሉ፣ ጽሑፉ ለሁለቱም ይመሰክራል። እንደዚሁም «እርሳቸው እንዳሉት» የተባለው አስመጪውን ይሁን ባለ ሱቋን ከቅጂው ብቻ አይለይም። እዚህ ላይ ጸሐፊው መገመት አይገባውም፤ ሰብሳቢውን ይጠይቃል። ሰብሳቢውም አስመጪውን ማለታቸው እንደ ነበረ ቢመልሱ፣ ትክክለኛው ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይሆናል፦

«ዕቃው እስከ ኅዳር 25 ቀን ከመጋዘን ካልወጣ፣ የዘገየውም አስመጪው ሰነዱን ለጉምሩክ በማዘግየታቸው ከሆነ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ኪራይ አስመጪው እንዲከፍሉ ተወሰነ። አንዲት ባለ ሱቅ ሐሳቡን እንደማይደግፉ ገልጸው የብዙኃኑን ውሳኔ ተቀብለዋል።»

ዕቃው በሌላ ምክንያት ቢዘገይ ማን እንደሚከፍል ግን ጉባኤው አልወሰነም። ጸሐፊውም ቀዳዳውን በራሱ ሐሳብ አይደፍነውም፤ ጉዳዩ እንዳልተወሰነ ለሰብሳቢው ያስታውቃል።

ከዚህ የምንረዳው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ጸሐፊው በመጀመሪያ ቅጂውን ሳይጽፍ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፤ ውሳኔ የተነገረበትንና የተሻረበትን ደቂቃ ብቻ ይመዘግባል። ቀጥሎ እነዚያን ዓረፍተ ነገሮች ተናጋሪው እንዳላቸው በልዩ ወረቀት ይገለብጣል። ማሳጠር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰላምታው፣ ድግግሞሹ፣ «እንግዲህ»ና «ምን እንበል» ይወጣሉ፤ ቀን፣ ገንዘብ፣ የከፋዩ ስም፣ «ከሆነ»ና «ካልሆነ» ግን አይነኩም። ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ ተናግረው ካልተሰማ፣ በረቂቁ ላይ «አልተሰማም» ብሎ ይጽፋል፤ ተናጋሪዎቹንም ይጠይቃል።

በመጨረሻም በእያንዳንዱ የቃለ ጉባኤ ዓረፍተ ነገር አጠገብ የቅጂውን ደቂቃ በእርሳስ ያሰፍራል። ደቂቃ የማይገኝለት ዓረፍተ ነገር ጸሐፊው ከራሱ የጨመረው ነውና ይሰረዛል። በልዩ ወረቀት ተገልብጦ በረቂቁ ውስጥ የሌለ ውሳኔ ቢገኝ ደግሞ የጎደለው እርሱ ነው። ከዚህ በኋላ ረቂቁ ለተሰብሳቢዎቹ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ያን ጊዜ «እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚል ቢኖር፣ ቅጂው ገና በእጅ ነውና ማረም ቀላል ነው፤ ፊርማ ካረፈበት በኋላ ግን ክርክር ይሆናል።