ሁለት ጥግ የጎደለው የቼዝ ሰሌዳ

የቼዝ ሰሌዳ 64 ቤቶች አሉት። አንድ ዶሚኖ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶችን ልክክ አድርጎ የሚሸፍን ከሆነ፣ 32 ዶሚኖ ሰሌዳውን ይሞላዋል። አደራደሩም ብዙ ነው፤ 12,988,816 ዓይነት። አሁን ግን በሰያፍ የሚተያዩትን ሁለት የጥግ ቤቶች ቆርጠን እናውጣ። 62 ቤቶች ቀሩ። 31 ዶሚኖ ይሸፍናቸዋል?

ጥያቄውን ፈላስፋው ማክስ ብላክ በ1946 እ.ኤ.አ. በታተመ የሎጂክ መጽሐፉ አንስቶታል። 62 ለሁለት ሲካፈል 31 ስለሆነ ሒሳቡ የሞላ ይመስላል። የሞከረ ሰው ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ቢያንስ ሁለት ቤት ይተርፈዋል። በሚሊዮን ከሚቆጠሩት አደራደሮች ውስጥ ትክክለኛው ያመለጠው መስሎት እንደገና ይጀምራል።

መልሱ ያለው ቀለሙ ላይ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች ምንጊዜም አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ነው። ስለዚህ ዶሚኖው ተጋደመም ቆመ፣ የሚሸፍነው አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ነው። የቆረጥናቸው ጥጎች ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለም ናቸው። ጥቁር ከነበሩ 30 ጥቁርና 32 ነጭ ቀርቷል። 30 ዶሚኖ ከተደረደረ ጥቁሩ ያልቃል፤ የተረፉት ሁለት ቤቶች ሁለቱም ነጭ ናቸው። ሁለት ነጮች ደግሞ ጎን ለጎን ሊሆኑ አይችሉም። የመጨረሻው ዶሚኖ ቦታ የለውም። ይህን ያየ ሰው አንድም አደራደር ሳይሞክር ሁሉንም ውድቅ አድርጓል።

ሰሌዳው ቀለም ባይኖረውስ? የእያንዳንዱን ቤት የረድፍና የዓምድ ቁጥር እንደምር። ወደ ጎረቤት ቤት ስንሄድ ድምሩ በአንድ ይለወጣልና፣ ዶሚኖ ሁልጊዜ አንድ ተጋማሽና አንድ ጎዶሎ ድምር ይሸፍናል። የተቆረጡት ጥጎች ድምራቸው 2 እና 16 ነው፤ ሁለቱም ተጋማሽ። ቀለሙ ለዓይን እንዲመች እንጂ ሥራውን የሚሠራው ይህ ቁጥር ነው።

ታዲያ የሁለቱ ቀለሞች ቁጥር እኩል ከሆነ ሁልጊዜ ይሞላል ማለት ነው? አይደለም። የአንድ ጥቁር ጥግ ሁለት ጎረቤቶች ነጭ ናቸው። እነሱንና ከሌላ ቦታ ሁለት ጥቁሮችን ብናወጣ 30 ለ30 ይሆናል፤ ጥጉ ግን ጎረቤት አጥቶ ብቻውን ይቀራል።

የወጡት አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ብቻ ከሆኑ ግን፣ ከየትም ይውጡ፣ ሰሌዳው ይሞላል። ይህን ያሳየው ራልፍ ጎሞሪ ነው። በ64ቱም ቤቶች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ ወደ ተነሣበት የሚመለስ መንገድ እናስምር። በመንገዱ ላይ ቀለሞቹ ይፈራረቃሉ። ሁለቱ ቤቶች ሲወጡ መንገዱ ቢበዛ ለሁለት ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም በአንድ ቀለም ጀምሮ በሌላው ስለሚያልቅ የቤቶቹ ቁጥር ተጋማሽ ነው። ዶሚኖዎቹን መንገዱን ተከትሎ መደርደር ብቻ ነው።