ሰሌዳው ላይ ሳጥን ከመሳል በፊት

ልምድ ላለው የሶፍትዌር መሐንዲስ በሚደረግ የሲስተም ዲዛይን ቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የተድበሰበሰ ነው፦ «ረጅም ሊንክ የሚያሳጥር አገልግሎት ንደፍልን።» ተፈታኙም ወዲያው ሰርቨርና ዳታቤዝ መሳል ይጀምራል። በእኔ እምነት ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ሥራውን የሚለውጠው አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ ነው፦ «የሊንኩ ባለቤት ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ማወቅ ይፈልጋል?» የማይፈልግ ከሆነ ሰርቨሩ 301 ብሎ ይመልሳል፤ አድራሻው ለዘለቄታው ተዛውሯል ማለት ነው። ብራውዘሩ ይህን ስለሚያስታውስ በሚቀጥለው ጊዜ በቀጥታ ወደ ረጅሙ ሊንክ ይሄዳል፤ ሰርቨሩም ያርፋል። ያ ሁለተኛ ጉብኝት ግን አይቆጠርም። የሚፈልግ ከሆነ 302፣ ማለትም «ለጊዜው»፣ ይሻላል፤ ብራውዘሩ እንደ ልማዱ በየጊዜው ተመልሶ ይጠይቃል።

የዚህ ዋጋ በቁጥር ይታያል። በወር 100 ሚሊዮን ሊንክ ቢፈጠር በሴኮንድ 40 ገደማ ነው። እያንዳንዱ 100 ጊዜ ቢከፈት ግን በሴኮንድ ወደ 4,000 ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ ብዙ የሚከፈቱትን ሊንኮች ሜሞሪ ላይ ማቆየት፣ ቆጠራውንም ሰውየውን ሳያስጠብቁ ለብቻው መሥራት ይበጃል። ታዲያ ቆጠራው ጥቂት ሴኮንድ ቢዘገይ ችግር አለው? ይህንንም ከመገመት ጠያቂውን ጠይቁት።